ኤምባራሳዳ ማለት «አፈርኩ» አይደለም፦ እንግሊዝኛን ተደግፎ ስፓኒሽ ለሚማር ሰው

ስፓኒሽ የለመድኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ኩሽና ውስጥ ነው። ሜሪላንድ፣ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ስገባ አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ የኤልሳልቫዶር ሰዎች ነበሩ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ከእጄ አመለጠና ወለሉ ላይ ተበተነ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬንም መናገር አማረኝ። እንግሊዝኛው «ኢምባረስድ» ነው። ስፓኒሹም የዚሁ ዘመድ መሆን አለበት ብዬ፣ ጫፉ ላይ የወንድ ምልክቷን «ኦ» ጨምሬ «ኤስቶይ ኤምባራሳዶ» አልኩ።

ኩሽናው ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ዋናው አብሳይ፣ ፂሙ የሸበተ ቁም ነገረኛ ሰውዬ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገና «ስንት ወርህ ነው?» አለኝ።

ለካ ነፍሰ ጡር ነኝ ነው ያልኩት።

እንዲህ መልካቸው ተመሳስሎ ትርጉማቸው የሚለያይ የሁለት ቋንቋ ቃላት «አስመሳይ ወዳጆች» ይባላሉ። ስያሜው ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ሁለት የፈረንሳይ ምሁራን ናቸው ያስለመዱት። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መካከል የበዙበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስፓኒሽ የላቲን ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ልጅ ባይሆንም በፈረንሳይኛ በኩልም በቀጥታም ከላቲን ብዙ ቃል ተበድሯል። ከአንድ ቤት የወጡ ቃላት በተለያየ ሰፈር አደጉ፣ ጠባያቸውም ተለወጠ።

ያን ቀን የተሳቀብኝ ስሕተት ብዙም አልጎዳኝም። ሳቁብኝ፣ ትክክለኛውን ነገሩኝ፣ አለቀ። የጎዳኝ ሌላ ነበር፤ ማንም ያልሳቀበት፣ ማንም ልብ ያላለው። ስለዚህ ይህን መመሪያ በፊደል ተራ አልደረደርኩትም። ቃላቱን የለየሁት በአደጋቸው ዓይነት ነው፦ ወዲያው የሚያጋልጡ፣ ድምፃቸውን አጥፍተው የሚያልፉ፣ ከአገር አገር የሚለወጡ። ኤምባራሳዳ የመጀመሪያው፣ አክቱዋል የሁለተኛው፣ ኮንስቲፓዶ የሦስተኛው ናሙና ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቃሉ በየት በኩል እንደመጣ ያዙ

ስፓኒሽ ስትናገሩ አፋችሁ ላይ የሚመጣ ቃል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከስፓኒሽ ተናጋሪ የሰማችሁት ነው። ሌላው የእንግሊዝኛውን ቃል ወስዳችሁ ጭራ የቀጠላችሁበት ነው፤ «ኦ»፣ «አ»፣ «ሜንቴ»፣ «አር»። ሁለተኛውን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህን ቃል ማን ሲለው ሰምቻለሁ? መልሱ «ማንም» ከሆነ ቃሉን የሠራችሁት ራሳችሁ ናችሁ ማለት ነው።

የራስ ሥራ ሁሉ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ኦስፒታል ሆስፒታል ነው፣ ፋሚሊያ ቤተሰብ ነው፣ ኢንፎርማሲዮን መረጃ ነው። የሚመሳሰሉት ቃላት አብዛኞቹ እውነተኛ ወዳጆች ናቸው፤ ሁሉንም ከፈራችሁ መናገር ታቆማላችሁ። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ወሬ ከሆነ ቃሉን እናገረዋለሁ፣ ማታ አጣራለሁ። ጤና፣ ገንዘብ ወይም የሥራ ሰዓት ከሆነ ግን ሳላጣራ አልናገረውም፤ በማውቃቸው ትንንሽ ቃላት ዞሬ እገልጸዋለሁ።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው አንድ ዕድል አለው። ከጣሊያንኛ የተዋስናቸው ቃላት አንዳንዴ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ወደ ስፓኒሹ ይቀርባሉ። «ፋብሪካ» ጥሩ ምሳሌ ነው። እንግሊዝኛው «ፋብሪክ» ጨርቅ ነው፤ ስፓኒሹ «ፋብሪካ» ግን የእኛው ፋብሪካ ነው። ባልደረባችሁ ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች ሲላችሁ ጨርቅ ቤት እንዳይመስላችሁ። ፍሬንም እንዲሁ ነው፤ እነሱ «ፍሬኖ» ይሉታል። ግን ይህም ሁልጊዜ አያዋጣም። «ጎማ» በስፓኒሽም ላስቲክ ነው፤ አንድ ኤልሳልቫዶራዊ ሰኞ ጠዋት «አንዶ ዴ ጎማ» ካለ ግን የመኪናው ጎማ አይደለም የተበላሸው። ትናንት ሲጠጣ አምሽቶ ራሱን እያመመው ነው።

ደረጃ 2፦ የሚያጋልጡትን ቶሎ ጨርሱ

ኤምባራሳዳን ለመያዝ የቃሉን ታሪክ ማወቅ ይረዳል። ስፓኒሹ «ኤምባራሳር» ድሮ ማደናቀፍ፣ መንገድ መዝጋት ማለት ነበር። ከፖርቹጋልኛው ገመድ፣ ማሰሪያ ከሚለው ቃል ሳይመጣ አልቀረም ይባላል። በገመድ የተጠላለፈ ሰው አስቡ። ፈረንሳዮች ቃሉን ከስፓኒሽ ወሰዱት፣ እንግሊዞች ከፈረንሳይ ወሰዱት፤ በዚያ መንገድ መጠላለፉ የስሜት ሆነና ኀፍረት ላይ ደረሰ። ስፓኒሹ እቤቱ ቀርቶ ሸክም የከበደባት ሴት ላይ ዐረፈ። ስለዚህ ሁለቱ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ለዚህም ነው «ሲቱዋሲዮን ኤምባራሶሳ» ሲሉ የሚያሳፍር ሁኔታ የሚሆነው። መጨረሻው «ኦሶ» ወይም «ኦሳ» ሲሆን የድሮው ትርጉም ይመለሳል። «ሳዳ» ሲሆን እርግዝና ነው።

ማስተካከያው ግን አንድ ቃል በሌላ መለወጥ አይደለም። እኔን የጣለኝ የእንግሊዝኛው አቀማመጥ ነው፤ «እኔ ነኝ» ብሎ ይጀምርና ስሜቱን ይለጥፋል። ስፓኒሽ እንዲህ ያለውን ስሜት እንደ አማርኛ ነው የሚያየው። እኛ «አሳፈረኝ» እንላለን፤ ነገሩ ነው እኛ ላይ የሚሠራው። እነሱም «ሜ ዳ ቤርጉዌንሳ» ይላሉ፤ ኀፍረት ይሰጠኛል። «ራሴን ያመኛል» ስንል እነሱ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላሉ፤ ያው ነው። ስለ ሰውነትና ስለ ስሜት ስትናገሩ ከእንግሊዝኛ ሳይሆን ከአማርኛው ተነሡ። ይህን የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም፤ ብዙ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው የታየኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ አብሳይ ያስተማረኝ «ሜ ዳ ቤርጉዌንሳ» ሳይሆን «ሜ ዳ ፔና» ነበር። በኤልሳልቫዶር፣ በሜክሲኮ፣ በኮሎምቢያ «ፔና» ኀፍረት ነው። ስፔን ውስጥ ግን ሐዘን ነው። ማድሪድ ላይ «ሜ ዳ ፔና» ብትሉ አሳዘነኝ ያላችሁ ይመስላቸዋል። የቱ አገር ሰው ፊት እንደምትሆኑ ካላወቃችሁ «ቤርጉዌንሳ»ን ያዙ፤ የትም ያስኬዳል።

ከዚሁ ጎራ ሌሎች ሦስት ብቻ ልጥቀስ፣ ቢያመልጣችሁ የሚያሳቅቁ ስለሆኑ። «ፕሬሴርባቲቦ» ኮንዶም ነው፤ ዳቦው ማቆያ ኬሚካል አለበት ወይ ለማለት «ኮንሴርባንቴስ» ነው የምትሉት። «ኤክሲታዶ» ጓጓሁ ለማለት አይሆንም፣ የወሲብ ስሜት ይነካል፤ «ኤሞሲዮናዶ» በሉ። ሦስተኛው በግልባጩ ነው። «ሞሌስታር» በስፓኒሽ ማስቸገር ብቻ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጅ በእንግሊዝኛ «ወንድሜ ሞለስት ያደርገኛል» ብሎ ቢናገር መምህሩ ፖሊስ ከመጥራቱ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ደግ ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉ ከባድ ወንጀል ነው።

ደረጃ 3፦ ድምፁን አጥፍቶ የሚያልፈውን በ«አሁን» ፈትኑ

አሁን ወደ ጎዳኝ እንምጣ። ፈረቃ የምትመድበው የኤልሳልቫዶር ሴትዮ እሑድ መሥራት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ስቀጠርም ተናግሬ ነበር። በእንግሊዝኛ ቢሆን «አክችዋሊ፣ እሑድ አልሠራም» እላለሁ፤ ማለትም፣ እንደ እውነቱ እሑድ የሚባል ነገር የለኝም። በስፓኒሽ «አክቱዋልሜንቴ ኖ ትራባሆ ሎስ ዶሚንጎስ» አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። ጻፈች። ተግባባን።

በሚቀጥለው ወር ዝርዝሩ ሲወጣ አራቱም እሑዶች ላይ ስሜ አለ።

ተናደድኩ። ንቃኝ ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን የሰማችው «በአሁኑ ጊዜ እሑድ አልሠራም» የሚለውን ነው። አክቱዋል በስፓኒሽ የአሁን፣ የዛሬ ማለት ነው፤ እውነተኛ ማለት አይደለም። አሁን የማይሠራ ሰው በሚቀጥለው ወር ሊሠራ ይችላል። ወሩን ጠብቃ መደበችኝ። ከእሷ በኩል እንዲያውም አክብሮት ነበር።

የዚህን ቃል ክፋት ልብ በሉ። ወንድ ነፍሰ ጡር ነኝ ሲል ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይጮኻል። «በአሁኑ ጊዜ እሑድ አልሠራም» ግን ጤናማ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰሚው የሚጠራጠርበት ምክንያት የለም፣ የሚያርምም የለም። ስሕተቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ መልክ ይዞ ነው። አንዳንዱም ጭራሽ አይታወቅም፤ ሰዎቹ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው አድርገው ያልፏችኋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። አክቱዋል ወይም አክቱዋልሜንቴ ልትሉ ስትሉ በቦታው «የአሁን» ወይም «በአሁኑ ጊዜ» አስገቡ። ልትሉት የፈለጋችሁት ያ ከሆነ ቃሉ ልክ ነው። ካልሆነ ሌላ ፈልጉ። «እንደ እውነቱ ከሆነ» ለማለት «ኤን ሬአሊዳድ» አለ። «እውነቱን ለመናገር» ለማለት «ላ ቤርዳድ ኤስ ኬ» አለ፤ በንግግር ይህኛው ይበልጥ ይቀናል። ትክክለኛው ዋጋ፣ እውነተኛው ወጪ ስትሉ ደግሞ «ሬአል» በሉ። በእኔ ጉዳይ ከሁሉም የሚሻለው አንዱንም አለመጠቀም ነበር። «ኑንካ ትራባሆ ሎስ ዶሚንጎስ» ብል፣ እሑድ በፍጹም አልሠራም፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

በጽሑፍም ያጋጥማል። ቅጽ ላይ «ዲሬክሲዮን አክቱዋል» ካለ ዛሬ የምትኖሩበትን አድራሻ ነው የሚጠይቀው። ቋሚ ወይም እውነተኛ አድራሻ ነው ብሎ የወንድሙን ቤት የሚሞላ ሰው ደብዳቤው ወንድሙ ቤት ይሄድበታል። «ሜዲካሜንቶስ አክቱዋሌስ» ደግሞ በአሁኑ ጊዜ የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ አምና የጨረሳችሁት አይገባም።

ይህ በር በሁለቱም በኩል ይከፈታል። ስፓኒሽ ተናጋሪው ባልደረባችሁ በእንግሊዝኛ «ዘ አክችዋል ማናጀር» ሲል እውነተኛው አለቃ ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ የአሁኑ አለቃ፣ የድሮው ሳይሆን ማለቱ ነው። የባሰው «ኢቨንችዋሊ» ነው። በእንግሊዝኛ ቢዘገይም በመጨረሻ ይሆናል ማለት ነው። በስፓኒሽ «ኤቤንቱዋልሜንቴ» ምናልባት፣ እንደ አጋጣሚው ማለት ነው። ገንዘብ ያበደራችሁት ሰው «ኢቨንችዋሊ እከፍልሃለሁ» ካላችሁ መጀመሪያ በየትኛው ቋንቋ እያሰበ እንደሆነ እወቁ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ኤቤንቱዋል» የሚል ካያችሁም ጊዜያዊ ሥራ ነው።

«አሲስቲር» እና «አቴንዴር» ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የመጀመሪያው በአብዛኛው መገኘት ነው፣ ሁለተኛው ማስተናገድ። ስብሰባ ላይ «አሲስቲር» ታደርጋላችሁ፣ ደንበኛን «አቴንዴር»። ይህን እዚህ ላይ ልተወው፤ በሥራ ላይ በሁለት ሳምንት ይለመዳል።

ደረጃ 4፦ ከአገር አገር የሚለወጠውን ቃል ጭራሽ ተዉት

ኮንስቲፓዶን ሰዎች ሲያስተምሩ «ጉንፋን ነው፣ የሆድ ድርቀት አይደለም» ብለው ይዘጉታል። ግማሽ እውነት ነው። ስፔን ውስጥ «ኤስቶይ ኮንስቲፓዶ» ያለ ሰው ጉንፋን ይዞታል። ላቲን አሜሪካ ስትሻገሩ ግን መልሱ ይበታተናል። አንዳንዱ አፍንጫዬ ተዘግቷል ይላችኋል። በብዙ አገር ደግሞ ልክ እንደ እንግሊዝኛው የሆድ ድርቀት ነው። የላቲኑ ሥር መጠቅጠቅ፣ አጥብቆ ማጨቅ ማለት ነው፤ የቱ እንደተጠቀጠቀ፣ አፍንጫው ይሁን አንጀቱ፣ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ወሰነ።

ማድሪድ ያለ መድኃኒት ቤት እንግባ። ሦስት ቀን ሆዱ የደረቀበት ሰው እንግሊዝኛውን ተማምኖ «ኤስቶይ ኮንስቲፓዶ» ይላል። ፋርማሲስቷ የጉንፋን መድኃኒት ትሰጠዋለች። የጉንፋን መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ውስጥ እንቅልፍ የሚያስይዙት የቆዩት አንቲሂስታሚኖች አሉ፤ እነሱ ደግሞ ሆድ ያደርቃሉ። ድርቀት ላይ ድርቀት። ሰውየው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ቢደግመው ይብስበታል።

በእንዲህ ያለ ቦታ ቃሉን ከማስተካከል ይልቅ መተው ይሻላል። የሕመሙን ስም ሳይሆን ሰውነታችሁ ላይ የሆነውን ተናገሩ፤ ክፍሉን፣ የሆነውን፣ የቀኑን ብዛት። ለሆድ ድርቀት፦ «አሴ ትሬስ ዲያስ ኬ ኖ ፑዌዶ ኢር አል ባኞ»፤ መጸዳጃ ቤት መሄድ ካቃተኝ ሦስት ቀኔ ነው። «ባኞ» እኛ ዘንድ ገላ መታጠቢያው ነው፣ እነሱ ዘንድ ክፍሉ በሙሉ፤ ለማስታወስ አይከብድም። ለጉንፋን፦ «ቴንጎ ላ ናሪስ ታፓዳ»፤ አፍንጫዬ ተዘግቷል። ናሪስ የሚለውን፣ አፍንጫን፣ አታስቀሩ። «ታፓዶ» ብቻውን ከሆነ በአንዳንድ አገር ተመልሶ የሆድ ድርቀት ይሆንባችኋል።

ስሙን የግድ ማወቅ ከፈለጋችሁ የሆድ ድርቀት ያለበት ሰው «ኤስትሬኚዶ» ነው፤ ይህ ከማድሪድ እስከ ቦነስ አይረስ ይገባል። ጉንፋን «ሬስፍሪያዶ» ነው። መድኃኒቱን ከተቀበላችሁ በኋላ ሳትከፍሉ ካርቶኑን አንብቡ። «ላክሳንቴ» የሚል ካለበት ሆድ የሚያለሰልስ ነው። «ግሪፔ» ወይም «ሬስፍሪያዶ» የሚል ካለበት የጉንፋን ነው። ይህ አሥር ሰከንድ ይፈጃል፤ ከቃላት ሁሉ የሚታመነውም እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ሕይወት ያለበት ቦታ ላይ አትተርጉሙ

እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ የ18 ዓመት ልጅ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ ከኩባ የመጡ ነበሩ። በደንብ ያልበሰለ ሀምበርገር በልቶ ነው የታመመው ብለው አስበዋል። እናም «ኢንቶክሲካዶ» የሚል ቃል ተነገረ። በኩባዎች አነጋገር የበላው ወይም የጠጣው ነገር አልተስማማውም፣ መርዞታል እንደማለት ነው። ሐኪሞቹ የሰሙት እንግሊዝኛውን «ኢንቶክሲኬትድ» ነው። በዚያ ላይ ተመሥርተው ሆን ብሎ ከመጠን ያለፈ ዕፅ እንደወሰደ ሰው አከሙት። ልጁ ግን አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ያ ሳይታወቅ ከሁለት ቀን በላይ አለፈ። በሕይወት ተረፈ፤ እጆቹና እግሮቹ ግን ሽባ ሆኑ። ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ለዕድሜ ልክ እንክብካቤው የተቆረጠው ካሣ እስከ 71 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ቁጥሩ አይደለም። ማንም አስተርጓሚ አልጠራም። ያልጠሩት ንቀው አይደለም፤ ሁለቱም ወገን የተግባቡ ስለመሰላቸው ነው። ቃሉ የታወቀ መሰለ። ቤተሰቡ የበላውን ነገር አስበው ተናገሩ፣ ሐኪሙ ዕፅ ሰማ፤ «ምን በላ? መቼ ጀመረው? ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚሉ ጥያቄዎች ግን ይህን አለመግባባት ያጋልጡት ነበር። አንድ የታወቀ ቃል የምርመራውን ጥያቄዎች ሁሉ ቦታ ሲይዝ ያ ነው የአደጋው ምልክት።

ስለዚህ ነርስ፣ ረዳት ነርስ ወይም የሽማግሌ ተንከባካቢ ሆናችሁ የምትሠሩ፣ ከስፓኒሽ ተናጋሪ ታማሚ የሰማችሁትን ቃል እንግሊዝኛ አድርጋችሁ መዝገብ ላይ አትጻፉ። የሆነውን በቅደም ተከተል ጠይቁ፣ ከዚያ አስተርጓሚ ይጠራ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ይህን በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ለስፓኒሽም ለአማርኛም። የራሳችሁ እናት ስትታከምም ያው መብት አለ፤ የ12 ዓመት ልጃችሁ ማስተርጎም የለበትም።

የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቃል አለች። እንግሊዝኛው «ዋንስ»፣ አንድ ጊዜ፣ እና ስፓኒሹ «ኦንሴ»፣ አሥራ አንድ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንድም ፊደል አይለያዩም። ኮምፒውተር መመሪያውን ወደ ስፓኒሽ ሲተረጉም ይህችን ቃል ሳይነካ ቢተዋት፣ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ተብሎ ይነበባል። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ የመድኃኒት ቤት መለያዎች ሲመረመሩ ይህን የመሰለ ስሕተት ተገኝቷል። ስለዚህ መጠን ሲነገራችሁም ስትናገሩም ጣት አሳዩ፣ ወይም ቁጥሩን በአኃዝ ጻፉ። «ኡና ቤስ አል ዲያ» ነው በቀን አንድ ጊዜ።

ደረጃ 6፦ ማታ ማጣራትና መመዝገብ

የስፔን ቋንቋ አካዳሚ መዝገበ ቃላት በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አድራሻው dle.rae.es ነው። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1713 የተቋቋመ ነው። መዝገበ ቃላቱ በስፓኒሽ ብቻ ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ እንግሊዝኛ መሐል አይገባም። መፈለጊያው ላይ `actual` ብላችሁ ጻፉና የመጀመሪያውን ትርጉም ተመልከቱ። ሁሉም ባይገባችሁም `presente` የሚለውን ቃል ታያላችሁ፤ አሁን ያለ ማለት ነው። ከዚያ `pena` ብላችሁ ፈልጉ። ትርጉሞቹ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ፊት ላይ አጫጭር የአገር ምልክቶች አሉ፣ ለምሳሌ `Méx.`። ምልክት ያለበት ትርጉም በተጠቀሱት አገሮች ብቻ ያገለግላል ማለት ነው። ቃሉ ከአገር አገር የሚለወጥ መሆኑን በዚህ ታውቃላችሁ።

ሁለት ቋንቋ ያለው መዝገበ ቃላት ከተጠቀማችሁ ደግሞ ደርሶ መልስ ሂዱ። የእንግሊዝኛውን ቃል ፈልጉ፣ የተሰጣችሁን ስፓኒሽ ገልብጣችሁ እንደገና ፈልጉት። ተመልሶ የተነሣችሁበት ላይ ካልደረሰ ቃሉ ትክክለኛው አይደለም።

ስትመዘግቡ አንድ አስመሳይ ወዳጅ አራት ነገር ይፈልጋል፤ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ብቻ ሲጽፍ ነው። የእኔ ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦ ኤምባራሳዳ፣ ነፍሰ ጡር። ኢምባረስድ፣ ሜ ዳ ቤርጉዌንሳ። ከሥሩ ከአፌ የወጣው የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር። የራሳችሁን ስሕተት ጻፉ እንጂ ከኢንተርኔት ዝርዝር አትቅዱ። ሁለት መቶ ቃል ከቀዳሁት ዝርዝር ያስታወስኩት አምስት አይሞላም። ብርጭቆው የተበተነበትን ግን አልረሳውም።

ደረጃ 7፦ ከአፍ ከወጣ በኋላ

ሰሚው ፊቱ ከተለወጠ፣ ወይም ከምትጠብቁት ሌላ ነገር ካደረገ፣ ቃሉን አትድገሙት። ጮክ ብሎ መድገም የሁላችንም ልማድ ነው፤ የተሳሳተ ቃል ቢጮኽ አይታረምም። «ፔርዶን፣ ኪሴ ዴሲር» በሉ፤ ይቅርታ፣ ልል የፈለግሁት። ከዚያ በሌላ ቃል ቀጥሉ። ጠቃሚ ነገር ከሆነ የተስማማችሁበትን እሷ ወይም እሱ በራሳቸው አንደበት እንዲደግሙት ጠይቁ። «ኮምፕሬንዴ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ ሁሉም አዎ ይላል።

እኔም ዝርዝሩን ይዤ ሴትዮዋ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ «ፔርዶን፣ ኪሴ ዴሲር ኑንካ» አልኩ። ኑንካ፣ በፍጹም። ግንባሯን በእጇ መታች። «አ፣ ላ ኢግሌሲያ!» አለች፣ ቤተ ክርስቲያን። እስክሪብቶ አውጥታ ሦስቱን እሑድ ሰረዘች። የመጀመሪያውን ግን የሚተካኝ ሰው ስላልነበረ ሠራሁት።